የኮሚቴ ስብሰባ ቀን እንዴት ይቆረጣል? የብዙ አባላትን ጊዜ ሰብስቦ አንድ ሰዓት ስለ ማግኘት

በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤ አባላት ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲውጣጡ ያደርጋል። ሦስቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ሦስት ዓይነት የጊዜ አቆጣጠርም አብሯቸው ይቀመጣል። ካህኑ ቀኑን የሚለካው በኪዳን፣ በቅዳሴና በሠርክ ጸሎት ነው፤ ነጋዴው በገበያ ቀን፤ ተማሪው በትምህርት ክፍለ ጊዜና በፈተና ወቅት። ከሰበካ ጉባኤው ሥር የሚቋቋሙት የሕንፃ አሠሪ፣ የልማትና የበዓል ዝግጅት ኮሚቴዎችም ይህንኑ ይወርሳሉ። በመሆኑም በብዙ አጥቢያዎች የኮሚቴ ሥራ የሚዘገየው አባላቱ ስላልተስማሙ ሳይሆን ገና ስላልተገናኙ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለት ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ያልሞላለት ስብሰባ በሦስተኛው የሚሟላው ሥራ ተቋራጩ ያቀረበው ዋጋ የሚጸናበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል።

የስብሰባ ቀን የመቁረጥ ሥራ በአብዛኛው በጸሓፊው ላይ ይወድቃል። ጸሓፊው ለእያንዳንዱ አባል ስልክ ይደውላል፤ የመጀመሪያው "ሐሙስ ይመቸኛል" ይላል፤ ሁለተኛው ሐሙስ አይችልም፤ ዓርብ ይባላል፤ ሦስተኛው ለዓርብ እምቢ ሲል እንደገና ወደ መጀመሪያው ይደወላል። ይህ አካሄድ ለሦስት ሰዎች ይሠራል። ለዘጠኝ ሰዎች ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ አዲስ መልስ ቀድሞ የተሰበሰበውን መልስ ሁሉ ያፈርሳል። የሚሻለው የሁሉንም ጊዜ በአንድ ጊዜ ጠይቆ፣ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ ከዚያ በኋላ መምረጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህንኑ ነው።

ለሁሉም የሚመች ሰዓት

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አባላቱ በበዙ ቁጥር ለሁሉም የሚመች ሰዓት የማግኘት ዕድል የሚቀንሰው ከምንገምተው በላይ ነው። እያንዳንዱ አባል ከሚጠየቀው ሰዓት ግማሹን ነፃ ነው ብንል፣ አንድ ሰዓት ለአምስት አባላት በአንድነት የሚመቸው ከ32 አንድ ጊዜ ነው። ለዘጠኝ አባላት ሲሆን ከ512 አንድ ጊዜ ይሆናል። እርግጥ የሰው ጊዜ እንደ ዕጣ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሥራ የሚፈታው በተመሳሳይ ሰዓት ስለሆነ እውነታው ከዚህ ስሌት ይሻላል። ቢሆንም ከስምንትና ከዘጠኝ ሰው በላይ ያለው ኮሚቴ "ሁላችንም የምንችልበት ቀን ይፈለግ" ብሎ ከተነሣ ፍለጋው ማለቂያ አይኖረውም። ጥያቄው መለወጥ አለበት። ማን ቢቀር ስብሰባው መካሄድ ይችላል? ማን ቢቀርስ አይችልም? ይህ መልስ ከሰዓቱ በፊት መታወቅ ይኖርበታል።

ለዚህም አጀንዳው ይቀድማል። ብዙዎች ቀኑን ቆርጠው አጀንዳውን በኋላ ያዘጋጃሉ፤ በእኛ አስተያየት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። የጣሪያ ሥራ ዋጋ የሚመረመርበት ስብሰባ ያለ መሐንዲሱና ያለ ገንዘብ ያዡ ቢካሄድ ምልዓተ ጉባኤ ቢሞላም ውሳኔ አይወጣውም። ለበዓል የሚሆን ድንኳን ስለ መትከል ለመነጋገር ግን መሐንዲሱ ባይኖርም የሚጓደል ነገር የለም።

የሚቀርቡት ሰዓቶች

ለአባላት "መቼ ይመቻችኋል?" ተብሎ የሚቀርብ ክፍት ጥያቄ የማይገጣጠሙ መልሶችን ያመጣል። አንዱ "ከሥራ በኋላ" ይላል፤ ሌላው "ቅዳሜ ካልሆነ"፤ ሦስተኛው "እናንተ እንደወሰናችሁ"። እነዚህ መልሶች ጎን ለጎን ሊነጻጸሩ አይችሉም። ስለዚህ ጸሓፊው ራሱ ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ አማራጮችን መርጦ ያቀርባል። ከዚያ ካነሰ ምርጫው ይጠብባል፤ እጅግ ከበዛ ደግሞ አባላት ሳያነቡ ምልክት ማድረግ ይጀምራሉ።

አማራጮቹ ከመላካቸው በፊት ከቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ጋር መተያየት አለባቸው። በጾም ቀናት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚቀደስ የረቡዕና የዓርብ የቀትር በኋላ ሰዓት ለካህናት ዝግ ነው፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው። ለምእመናኑ ባዶ የሚመስለው "ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት" ለካህኑ የቅዳሴ ሰዓት መሆኑን ያላስተዋለ ጸሓፊ ካህናቱን ሳያውቅ ከስብሰባው ያስቀራል።

ከዚህ የሚረቀው የወርኃዊ በዓላት ጉዳይ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ፣ ከአራት ሳምንት ሁለት ቀን ይተርፋል። ስለዚህ በየወሩ በቁጥር አንድ ዓይነት የሆነ ቀን በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ቀን ወደፊት ይሄዳል። በ2018 ዓ.ም. መስከረም 21 ረቡዕ ዋለ፤ ጥቅምት 21 ዓርብ፤ ኅዳር 21 እሑድ፤ ታኅሣሥ 21 ማክሰኞ። ታቦቷ የእመቤታችን የሆነች አጥቢያ በመስከረም "በየወሩ ሦስተኛው እሑድ እንሰብሰብ" ብትወስን፣ ኅዳር ላይ ስብሰባው ከኅዳር ጽዮን ክብረ በዓል ጋር ይጋጫል። ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር ብቻ ነገሩ ይለያል፤ በመካከል ያለው ጳጉሜን 5 ቀን ሲሆን በሁለቱ 21ዎች መካከል ልክ 35 ቀን፣ ማለትም አምስት ሙሉ ሳምንት ስለሚኖር ቀኑ ከሳምንቱ አይንቀሳቀስም። ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት አንድ ቀን ብቻ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ጸሓፊ የዓመቱን ግጭት በአንድ ማታ ተቀምጦ ማውጣት ይችላል።

የአጠያየቁ መንገድ

እያንዳንዱ አማራጭ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን ማብቂያውንም ይያዝ። "ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት" ለሚል ጥያቄ "እችላለሁ" ያለ አባል በ10 ሰዓት ከሩብ ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል፤ ዋሽቶ አይደለም፤ የተጠየቀው የመምጫው ሰዓት ብቻ ስለነበረ ነው። "ቅዳሜ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት" ሲባል ግን መልሱ ለሁለት ሰዓት የተሰጠ መልስ ይሆናል።

መልሱም "አዎ" እና "አይ" ብቻ ባይሆን እንመክራለን። ሦስት መልስ ይኑረው፦ ይመቸኛል፤ ካስፈለገ እችላለሁ፤ አልችልም። መካከለኛው መልስ ከሌለ ጨዋው አባል ተጨንቆም ቢሆን "አዎ" ይላል፤ ጥብቁ አባል ደግሞ ትንሽ ስለከበደው "አይ" ይላል። ሁለቱም በእኩል ችግር ላይ እያሉ በመዝገቡ ላይ ተቃራኒ ሆነው ይገኛሉ። "ካስፈለገ እችላለሁ" ያለ ሰው ምክንያቱን በአንድ ሐረግ ቢጽፍ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። "ሱቁን የሚጠብቅልኝ ካገኘሁ" እና "ሠርክ ጸሎት ከመድረሱ በፊት ካለቀ" የሚሉት መልሶች በምልክት አንድ ቢሆኑም መፍትሔያቸው የተለያየ ነው።

ዛሬ ብዙ ኮሚቴዎች ይህን በቴሌግራም የድምፅ መስጫ ያከናውናሉ። ምቹ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከአንድ በላይ አማራጭ እንዲይዝና የመረጠው ሰው ስም እንዲታይ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። አንድ ብቻ የሚያስመርጥ ድምፅ መስጫ የሚነግረን አባላቱ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን እንጂ የሚችሉትን አይደለም። ስም የማይታይበት ድምፅ መስጫ ደግሞ ሰባት ሰው እንደሚመጣ ይነግረናል፤ ከሰባቱ መካከል ገንዘብ ያዡ ይኑር አይኑር አይነግረንም። ሌላም ነገር አለ። የቀደሙት የመረጡት ለሁሉ ሲታይ፣ ኋላ የሚመጡት ወደ ብዙኃኑ ያዘነብላሉ፤ በተለይ አስተዳዳሪው አባት ቀድመው ከመረጡ ሌላው ከእርሳቸው ምርጫ መውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ ጸሓፊው መልሱን ለብቻ በመልእክት ወይም በስልክ ቢቀበልና ሰንጠረዡን ራሱ ቢሞላ ይሻላል። እንዲህ ከሆነ ስልካቸው መልእክት የማይቀበል አረጋውያን አባቶችም በድምፃቸው መልሳቸውን ይሰጣሉ።

በውጭ ያሉ አባላት ካሉ

በብዙ አጥቢያዎች ለሕንፃው ገንዘብ የሚያሰባስቡ ወገኖች በውጭ ሀገር ይኖራሉ፤ በስልክም ከስብሰባው ይገባሉ። ለእነርሱ ሰዓት በሁለት አቆጣጠር ካልተጻፈ ስሕተት ይፈጠራል። "ቅዳሜ በ10 ሰዓት" የሚለውን በዋሽንግተን ያለ አባል ከረፋዱ 10 ሰዓት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። "ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት" የሚለው ደግሞ በሀገር ቤት ላሉትም አሻሚ ነው፤ አንዱ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሌላው ለእሑድ አጥቢያ ብሎ ይረዳዋል።

የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደኋላ ነው። ለውጡ የሚደረገው በእነርሱ ማርች ወር ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር ወር የመጀመሪያው እሑድ ነው። በአውሮፓ ደግሞ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይለወጣል። እኛ ሰዓታችንን ስለማንለውጥ በሀገር ቤት ያለው ጸሓፊ ለውጡን አያየውም፤ በጥር የተመቸው ቋሚ ሰዓት በሚያዝያ ለምን እንዳልተመቸም ግራ ይገባዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ አባላት ያሉት ኮሚቴ ከሆነ በማርች መካከል ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሁለቱ ልዩነትም ራሱ ይዛባል። ስለዚህ ጥሪው ሲላክ "ከቀኑ 10 ሰዓት በአዲስ አበባ፤ በዚያው ዕለት ከጠዋቱ 9 ሰዓት በዋሽንግተን ሰዓት" ተብሎ ሁለቱም ይጻፍ፤ የወሩን ለውጥም ጸሓፊው በየጊዜው ይመልከት።

አንድ ኮሚቴ ለምሳሌ

ዘጠኝ አባላት ያሉት የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አለ እንበል። ሰብሳቢው የአጥቢያው አስተዳዳሪ ናቸው። የካህናት ተወካይ የሆኑ አንድ ቄስ፣ መምህርት የሆነች ጸሓፊ፣ ባለሱቅ የሆነ ገንዘብ ያዥ፣ በሳምንቱ ከከተማ ውጭ የሚሠራ መሐንዲስ፣ በተረኝነት የምትሠራ ነርስ፣ ማታ ማታ የሚማር የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካይ፣ አንድ ጡረተኛ አባትና በዋሽንግተን የሚኖር አባል ይገኙበታል። አጀንዳው የጣሪያ ሥራ ዋጋ መርጦ ማጽደቅ ነው። ዋጋው የሚጸናው ለ30 ቀን ሲሆን አሥራ አንዱ አልፏል። ደንባቸው ከግማሽ በላይ አባላት እንዲገኙ ይጠይቃል እንበል፤ ይህም አምስት ሰው ነው።

ጸሓፊዋ ረቡዕን በቅዳሴ ምክንያት አስቀድማ ትታ ሌሎቹን አቀረበች። ከተመለሱት መካከል ሊታሰቡ የሚገባቸው ሦስት ሆነው ተገኙ። እሑድ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ለሰባት ሰዎች "ይመቸኛል" የተባለበት ነው። የቀሩት መሐንዲሱና በዋሽንግተን ያለው አባል ናቸው፤ መሐንዲሱ በዚያ ሰዓት ወደ ሥራ ቦታው ጉዞ ላይ ነው፤ የዋሽንግተኑ አባል ደግሞ ሰዓቱ ለእርሱ የእሑድ ማለዳ ስለሆነ ቅዳሴ ላይ ነው። ቅዳሜ ከረፋዱ 3 እስከ 5 ሰዓት ለስድስት ሰዎች ተመቸ፤ ቄሱም ካስፈለገ እንደሚችሉ ተናገሩ። የቀሩት ለቅዳሜ ገበያ ሱቁን መዝጋት የማይችለው ገንዘብ ያዥና የዋሽንግተኑ አባል ሲሆኑ፣ ለኋለኛው ሰዓቱ ውድቅት ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ነው። ይህ "ይመቸኛል" ያሉት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አራቱ "ካስፈለገ እችላለሁ" አሉ፤ "አልችልም" ያለችው ተረኛዋ ነርስ ብቻ ናት።

በተራ ድምፅ ቆጠራ እሑድ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። ምልዓተ ጉባኤውም ይሞላል። ነገር ግን የዋጋውን ዝርዝር አንብቦ የብረቱና የቆርቆሮው መጠን ከሥራው ጋር መስማማቱን የሚናገረው ሰው በጉባኤው የለም፤ ስለዚህ ስብሰባው "መሐንዲሱ አይቶ አስተያየቱን ያቅርብ" በሚል ውሳኔ ይበተናል። ቀጣዩ ጥሪም ከሚቀሩት ቀናት ሰባት ስምንቱን ይወስዳል። የቅዳሜው ረፋድ መሐንዲሱን ያመጣል፤ ግን በካዝና ምን እንዳለና ቅድመ ክፍያው መቼ ሊወጣ እንደሚችል የሚያስረዳውን ያስቀራል። ለዚህ አጀንዳ የግድ የሚያስፈልጉት ሦስቱ፣ ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና መሐንዲሱ በአንድነት የሚገኙት በቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ይህ ሰዓት አራት ሰዎችን ያስቸግራል። ጸሓፊዋ ግን ምክንያታቸውን ስለ ጠየቀች ችግሩን አንድ በአንድ ማቃለል ትችላለች። አስተዳዳሪውና ቄሱ በ11 ሰዓት ለሠርክ ጸሎት መነሣት አለባቸው፤ ስለዚህ ስብሰባው አንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ አጀንዳውም ወደ ጣሪያው ዋጋ ብቻ ይጠብባል፤ የዋጋዎቹ ማነጻጸሪያም ሐሙስ ዕለት ለአባላቱ አስቀድሞ ይደርሳል። ጡረተኛው አባት የሚከብዳቸው መሽቶ ወደ ቤት መመለስ ነበርና በ11 ሰዓት ማለቁ ለእርሳቸውም ይበቃል። ገንዘብ ያዡ ለአንድ ሰዓት ሱቁን የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል። ነርሷም ማነጻጸሪያውን አንብባ አስተያየቷን በጽሑፍ ትልካለች፤ በቃለ ጉባኤውም ይያዛል።

በሚቀጥለው ወር አጀንዳው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሪፖርት ቢሆን እሑድ ይመረጣል ማለት አይደለም፤ ሪፖርቱን የሚያቀርበው የዋሽንግተኑ አባል ከሆነ እሑድ ለእርሱ ዝግ ነውና ሰንጠረዡ እንደገና ይነበባል።

የማይመልሱና ሁልጊዜ የሚቀሩ

መልስ የሚሰጥበት ቀን አብሮ ካልተገለጸ የመጨረሻው መልስ አይመጣም። ሦስት ቀን በቂ ነው ብለን እናምናለን፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ቀድመው የመለሱት ሰዎች ጊዜ በሌላ ጉዳይ ይያዛል፤ የተሰበሰበውም ሰንጠረዥ ሐሰት መሆን ይጀምራል። የነርሷ ዓይነት አባላት የተረኝነት ሰሌዳቸው የሚወጣበት ቀን ስላላቸው ጥያቄው ከዚያ በኋላ ቢላክ መልሳቸው ይጸናል። ዝም ያለ አባል እንደ ተስማማ አይቆጠር፤ ጸሓፊው በቀነ ገደቡ ዋዜማ ይደውልለት፤ ካልተገኘ "አልታወቀም" ተብሎ ይጻፍ እንጂ ከምልዓተ ጉባኤው ቁጥር ውስጥ አይግባ።

ሰዓቱ ከተመረጠ በኋላ ውሳኔው በዚያው ዕለት ለሁሉም ይገለጽ፤ ያልተመረጡት ሰዓቶች እንደተለቀቁም ይነገር። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ስድስት አማራጮች ላይ "ይመቸኛል" ያለ አባል መልስ እስኪመጣለት ድረስ ስድስቱንም ይዞ ይቆያል።

ሰንጠረዦቹን መጣል አይገባም። ሦስት አራት ወር ሲጠራቀሙ አንድ ስም ደጋግሞ "አልችልም" በሚለው ዓምድ ሥር ይገኛል። በምሳሌአችን የዋሽንግተኑ አባል በሦስቱ የመጨረሻ አማራጮች ውስጥ ሁለቱን አጥቷል፤ ምርጫው ሁልጊዜ በሀገር ቤቱ ብዙኃን ቢወሰን ዓመቱን ሙሉ ላይገኝ ይችላል፤ ኮሚቴውም ቀስ በቀስ አባሉ ሥራውን እንደተወ ይቈጥረዋል። እንዲህ ሲሆን ከሦስት ስብሰባ አንዱን ለእርሱ በሚመች ሰዓት ማድረግ ይቻላል። በየስብሰባው የሚቀረው መሐንዲሱ ከሆነ ግን ተራ ማድረጉ አይበቃም፤ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ በከተማ እንደሚገኝ ሰንጠረዡ ካሳየ፣ የግንባታ አጀንዳዎች ሁሉ ለቅዳሜ ተጠራቅመው እንዲታዩ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ይወስን።